የኧርዝ ሽቦ አትቁረጡ!

መተማ ዮሐንስም ሆነ ገንዳ ውኃ፣ ሰርግ ላይ ስፒከሩ «እምምም» ባለ ቁጥር የአምፕሊፋየሩን ስፒና ፈታችሁ ኧርዙን የምትቆርጡ ወንድሞቼ፣ ኧረ ተው! ጉምጉምታው ሊጠፋ ይችላል። ግን ውስጥ ሽቦ ተልጦ ቦዲውን የነካ ቀን ማይክ የያዘውን ልጅ የምታድነው ያቺው ሽቦ ነበረች።

መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። በባትሪ ሲሠራ ዝም ካለ፣ ላፕቶፑና አምፑ በየራሳቸው ኧርዝ ተገናኝተው በአርሲኤው መከለያ ሽቦ ላይ የ50 ኸርዝ መብራት እየዞረ ነው ማለት ነው። ሁለቱንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። እምቢ ካለ መሃል ላይ ትራንስፎርመር ያለው አይሶሌተር አስገቡ፤ ሙዚቃው በማግኔት ይሻገራል፣ የሽቦ ግንኙነቱ ይበጠሳል። ርካሹ ቤዝ ይበላል፣ እሱን ቻሉት።

«ወርቅ ቅብ ገመድ ግዛ» የሚላችሁን ነጋዴ ግን አትስሙ! አጭርና መከለያው ወፍራም ገመድ ድምፁን ይቀንሰው ይሆናል እንጂ ዙሩን አይቆርጠውም።