«አስተዳደራዊ ወጪ» እና «ኢንዳይሬክት ኮስት» አንድ አይደሉም!

ፕሮፖዛል ውድቅ ሲሆን «ፈረንጁ እኛን አይፈልግም» ማለት ይቀናናል። አንዳንዱን ፕሮፖዛል ግን የገደልነው እኛው ነን፤ ያውም ስንተረጉመው።

ምሳሌ ልስጥ። አንድ የደባርቅ ማህበር በስሜን ተዳፋት ላይ እርከን ለመሥራት 2 ሚሊዮን ብር ጠየቀ እንበል። በአማርኛው በጀት «አስተዳደራዊ ወጪ» በሚለው ሥር 300 ሺህ ብር አለ፦ ለፕሮጀክቱ ብቻ የሚቀጠር ሒሳብ ሠራተኛ 120 ሺህ፣ ወደ እርከኑ ቦታ የሚመላለስ ሞተር ሳይክል ነዳጅ 70 ሺህ፣ የቢሮ ኪራይና መብራት 110 ሺህ። ተርጓሚው በገጽ ስለሚከፈለው ሳይጠይቅ «ኢንዳይሬክት ኮስት 300 ሺህ» ብሎ ያልፋል።

የአውሮፓ ህብረት የእርዳታ ውል ኢንዳይሬክት ኮስትን ከቀጥተኛ ወጪው 7 በመቶ በላይ አይፈቅድም። የ1.7 ሚሊዮን 7 በመቶ 119 ሺህ ነው። 181 ሺህ ብር በአንድ ቃል ጠፋ ማለት ነው! ሒሳብ ሠራተኛውና ነዳጁ ግን ለዚሁ ፕሮጀክት የሚወጡ ቀጥተኛ ወጪዎች ናቸው። ወደ ቦታቸው ቢመለሱ ቀጥተኛው 1.89 ሚሊዮን ይሆናል፤ 7 በመቶው 132 ሺህ 300 ነው። ቀሪው 110 ሺህ በምቾት ይገባል።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 621 ካመጣው የ70/30 ዘመን ነው። ያኔ ብዙ የፕሮጀክት ወጪ በመመሪያ አስተዳደራዊ ተብሎ ይቆጠር ነበር። አዋጅ 1113/2011 ግን ያንን ሽሮ አስተዳደራዊ ወጪን ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ባልተያያዙት ላይ ወሰነ፤ ጣሪያውንም 20 በመቶ አደረገው። ሕጉ ከተቀየረ ዓመታት አለፉ፣ የበጀት ሠንጠረዣችን ግን ዛሬም ያው ነው።

ማጠቃለያውም ከዚህ አይሻልም። «400 አባወራና እማወራ ተጠቃሚ ይሆናሉ» የሚለው «400 ተጠቃሚዎች» ተብሎ ይተረጎማል። ለጋሹ በነፍስ ወከፍ ያካፍላል፤ 5 ሺህ ብር ይደርሰዋል፣ «ውድ ነው» ይላል። በቤት አምስት ሰው ብንይዝ ግን ተጠቃሚው 2 ሺህ ሰው፣ ወጪውም በሰው 1 ሺህ ብር ነበር።

«ታዲያ ወጪ እንደብቅ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ኪራዩን ቀጥተኛ ብሎ ማስገባት ማጭበርበር ነው፤ ኦዲት ሲመጣም ገንዘቡን ያስመልሳል። መለያው ቀላል ነው፦ ፕሮጀክቱ ባይኖር ይህ ወጪ ይኖር ነበር ወይ? ይኖር ከነበረ ኢንዳይሬክት ነው፤ ካልነበረ ቀጥተኛ ነው።

ይህን ጥያቄ የሚመልሰው መዝገበ ቃላት ሳይሆን የማህበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ የማህበር መሪዎች ሆይ፣ በጀቱን ለተርጓሚ ብቻ ሰጥታችሁ አትሂዱ። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧቸው፤ አማርኛውም እንግሊዝኛውም በየመስመሩ አንድ ዓይነት ድምር ሳያመጣ ማኅተም አትምቱ።