ፊትን አመድ የማያስመስል የፀሐይ ቅባት

በቅርቡ በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ፊቷ የጥምቀት ሰሞን አቧራ ያረፈበት ይመስል ግራጫ ሆኖ አየሁትና ምን እንደ ሆነች ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው። ማድያቴን ይከላከላል ብለው ሸጡልኝ። ነገር ግን ሰው እንዳይስቅብኝ ስል ቅንጣት ብቻ ነው የምቀባው» አለችኝ። በዚህች አጭር መልስ ውስጥ የነገሩ ቁልፍ አለ። ቅባቱ ስለሚያነጣት ታሳንሰዋለች፤ ስለምታሳንሰውም አይከላከልላትም። እንግዲህ የማያነጣ ቅባት መፈለግ የመልክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመከላከያው ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በቅባቶቹ ላይ የሚጻፈው ቁጥር፣ 30 ወይም 50 ቢሆን፣ የተለካው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ነው። ይህ መጠን ለፊትና ለአንገት ሲሆን በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ከተዘረጋ ሁለት መስመር ቅባት ጋር ይመጣጠናል። የዚህን ግማሽ የተቀባ ሰው በ30 ቁጥር ቅባት የ15 ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ መከላከያ ያገኛል። የአክስቴ ልጅ ከግማሽም በታች ነበር የምትቀባው።

ለመሆኑ የሚያነጣው ምንድን ነው? ዚንክ ኦክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባሉ ነጫጭ ዱቄቶች ናቸው። የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ይከላከላሉ፤ ነገር ግን የሚታየውንም ብርሃን ስለሚበትኑ በጥቁር ቆዳ ላይ ነጭ ሆነው ይታያሉ። ዱቄቱ እጅግ ሲደቅ ንጣቱ ይቀንሳል፤ ሆኖም በሙሉ መጠን ሲቀባ በጣም ጥቁር በሆነ ፊት ላይ ብዙውን ጊዜ ይታያል። ጨረሩን በሚውጡ ሌሎች ኬሚካሎች ብቻ የተሠሩት ቅባቶች ግን ከቆዳው ጋር ተዋሕደው አይታዩም። እንዲህ ያለው ቅባት 30 ቁጥርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሁለቱንም ዓይነት ጨረር እንደሚከላከልም ከተጻፈበት፣ ማድያት ለሌለው ሰው የሚበቃ ይመስለኛል።

ማድያት ወይም የብጉር ጥቁር ምልክት ላለበት ሰው ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ማድያትን የሚያጠቁረው የማይታየው ጨረር ብቻ አይደለም፤ የሚታየው ብርሃን፣ በተለይም ሰማያዊው ክፍል፣ ጠይምና ጥቁር ቆዳን ያጠቁራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ይህ ብርሃን ጥቁር ቆዳን ለረጅም ጊዜ ሲያጠቁር ነጭ ቆዳን ግን እንዳላጠቆረ አሳይቷል። በዓይን የማይታየው ጥርት ያለ ቅባት ደግሞ ይህን ብርሃን ያሳልፋል። የመስኮት መስታወትም እንዲሁ ያሳልፈዋል፤ ስለዚህ በመስኮት አጠገብ የሚሠራ ጸሐፊ ቢሮ ውስጥ ነኝ ብሎ መዘናጋት የለበትም።

ይህን ብርሃን የሚይዘው የብረት ኦክሳይድ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ያለው ሲሆን፣ ተደባልቆ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ነገር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ንጣቱን ይሸፍናል፣ ብርሃኑንም ይከላከላል። በብልቃጡ ላይ 77491፣ 77492 እና 77499 የሚሉ ቁጥሮች ከተገኙ የብረት ኦክሳይድ አለው ማለት ነው።

የአክስቴን ልጅ ይዤ ወደ ሱቅ ሄድሁ። የመጀመሪያው ቀለም ያለው ቅባት «ለሁሉም ይስማማል» ተብሎ የተጻፈበት ነበር፤ በእርሷ ላይ ግን ብርቱካንማ ሆነ፣ የተሠራው ለቀላ ቆዳ ነበርና። ሁለተኛው ጠቆር ያለ ነበር። በእጇ ጀርባ ሳይሆን በመንጋጋዋ ላይ አስቀባናት፤ ከሱቁ መብራት አውጥተን በደጅ ብርሃን አየናት፤ 10 ደቂቃም ጠበቅን። ቅባት ሲደርቅ መልኩ ይለወጣልና ወዲያው መፍረድ አይገባም። ከአንገቷ ጋር አልተለየም፤ ገዛችው። የሚስማማ ባይገኝ ኖሮ ጥርት ያለውን ቅባት በሙሉ መጠን ቀብታ፣ ከደረቀ በኋላ የራሷን መልክ የሚመስል የብረት ኦክሳይድ ያለበት ፋውንዴሽን እንድትደርብበት እመክራት ነበር። ፋውንዴሽኑን ብቻ መቀባት ግን አይበቃም፤ ሰው በልኩ አይቀባውምና።

ይህም ቅባት ጉድለት አለው። የነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ያበላሻል፤ ላብም ያጥበዋል። በውጭ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ሊደግመው ይገባል። የቆየ ማድያትንም ለብቻው አያጠፋም፤ እንዳይብስ ያግዛል እንጂ። በጣት የሚለካውን መጠን ለመቀባት የሚያፍር ወጣት ወንድም ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ቢያደርግ ይጠቅመዋል።

ስለዚህ ሻጩ «ይህ 50 ነው» ሲላችሁ መጀመሪያ «ሁለት ጣት ሙሉ ቀብቼው ከቤቴ እወጣለሁን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ሙሉውን የምትቀቡት 30፣ ግማሹን ከምትደብቁት 50 ይበልጣል።