ጋቢ በክንድ ብቻ አይሸጥ፤ ሚዛንም ይውጣ

አሊዩ አምባ ገበያ ጋቢ ሊገዛ የወጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ይዘረጋል፣ በክንዱ ይለካል፣ በሁለት ጣቱ መካከል ያሻሻል፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ ያያል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በዋጋ ላይ ይሆናል። በርበሬውና ቡናው እዚያው አጠገቡ በሚዛን ይሸጣል። ጋቢው ግን በዓይንና በጣት ተፈርዶበት ይሄዳል።

ገበያው ለጨርቅ አዲስ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1840ዎቹ መጀመሪያ፣ ከታጁራ በአፋር በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፈው እዚህ ነበር። በዚያ ዘመን በከተማዋ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ጆንስተን ስለ ገበያዋ ጽፏል። ጨው፣ ቡናና የጥጥ ጨርቅ የሚገናኙባት ቦታ ነበረች። ዛሬም ቢሆን አቀማመጧ አልተለወጠም፤ ከላይ የአንኮበር ደጋ፣ ከታች የይፋት ቆላ። ስለዚህ በአንድ ገበያ ላይ ብርድ የሚያሳድደው ገዢና ሙቀት የሚያሳድደው ገዢ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ሁለቱም ጨርቁን በጣት ያሻሻሉ። የሚፈልጉት ግን ተቃራኒ ነገር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ጨርቅ ሻጭ የዕቃውን ክብደት በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሆነ ሊናገር ይገባል። ይሁን እንጂ ቁጥሩን ብቻውን የሚያምን ገዢ እንደገና ይታለላል። ሁለቱንም በተራ እንይ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም

አንድ ጋቢ እንውሰድ። እንደተሰፋ ሲለካ ቁመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ50 ነው እንበል። ሁለቱን ስናባዛ 3.6 ካሬ ሜትር ይመጣል። ጋቢውን አጣጥፈን የሱቅ ሚዛን ላይ ስናወጣው 1,440 ግራም ቢመዝን፣ ይህን ለ3.6 ስናካፍል 400 ግራም በካሬ ሜትር እናገኛለን። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ እያንዳንዱ እጥፍ 100 ግራም ነው ማለት ነው።

አሁን በዚያው መጠን የተሰፋ ሌላ ጋቢ 1,080 ግራም ቢመዝን 300 ግራም በካሬ ሜትር ይሆናል። ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር 360 ግራም ጥጥ ጎድሏል። ይህን ጉድለት ዓይን አያየውም፤ ምክንያቱም በእጅ የተፈተለ ማግ ለስላሳና ብን ያለ ስለሆነ ተነፍቶ ቦታውን ይሞላዋል። ጣትም ቢሆን ያታልላል፤ ጣት የሚለካው ውፍረትን እንጂ የጥጡን መጠን አይደለም። በአንድ ዋጋ የተሸጡት ሁለቱ ጋቢዎች ልዩነታቸው የሚታወቀው ከጥቂት እጥበት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሻጩ የለም።

የዚህ ጉዳት በገዢው ላይ ብቻ አይቆምም። ጥጡን ሳይሰስት የሸመነው ሸማኔ ከሰሰተው ሸማኔ ጋር በአንድ ዋጋ ይወዳደራል። ሚዛን በሌለበት ገበያ ሐቀኛው ይከስራል።

አንድ ቁጥር፣ ሁለት ጨርቅ

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያ 400 ግራም የመዘነው ጋቢ አጠገብ የጂንስ ሱሪ ተሰቅሏል። ጠንከር ያለ ጂንስ ጨርቅም በካሬ ሜትር 400 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ቁጥሩ አንድ ነው። ሁለቱም ጥጥ ናቸው። ታዲያ ጂንስ ለብሶ የሚያድር ደገኛ ለምን የለም?

መልሱ ያለው በአየሩ ላይ ነው። የሚያሞቀን ጥጡ ራሱ ሳይሆን በክሮቹ መካከል ሳይንቀሳቀስ የተያዘው አየር ነው። 400 ግራም ጥጥ አየር ሳይኖረው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ቢደፈጠጥ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ብዙም አይበልጥም። ጂንሱ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው፣ ሲሶው ጥጥ፣ ቀሪው አየር ነው። ጋቢው ግን አራቱ እጥፍ ተደርቦ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከመቶው ዘጠና እጅ አየር ነው። ያው ጥጥ፣ ያው ክብደት፤ ልዩነቱ ሸማኔው በውስጡ ያስቀመጠው ባዶ ቦታ ነው።

ይህም ወሰን አለው። የተያዘው አየር የሚያሞቀው ከቆመ ብቻ ነው። ጣርማ በር ላይ ነፋስ ሲነሳ ሳሳ ብሎ በተሸመነው ጋቢ ውስጥ ነፋሱ ዘልቆ ያንን የሞቀ አየር ጠራርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ እቤት ውስጥ የሚያሞቅ ጋቢ ጉብታ ላይ ላያሞቅ ይችላል። ከላዩ ነፋስ የማያሳልፍ ስስ ካፖርት የሚደርብ ሰው ክብደት ሳይሆን መከላከያ ነው የጨመረው።

አወራረዱም እንዲሁ በክብደት ብቻ አይወሰንም። ከባድ ጨርቅ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይሳባል፤ እውነት ነው። የሚከለክለው ግን ግትርነቱ ነው፤ ግትርነት ደግሞ ከውፍረት ጋር በጣም በፍጥነት ያድጋል። አራት ስስ እጥፎች አንዱ በሌላው ላይ እንዲንሸራተቱ ከተተዉ ግትርነታቸው የአንዱ እጥፍ አራት ጊዜ ነው። እነዚያው አራት እጥፎች በሙጫ ተጣብቀው አንድ ቢሆኑ ግን ስድሳ አራት ጊዜ ይሆናል። ጋቢ ከባድ ሆኖ ሳለ ትከሻ ላይ እንደ ውኃ የሚወርደው፣ ጂንስ ደግሞ በዚያው ክብደት ቀጥ ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው። ጋቢ ገዢ እጥፎቹ በእጁ ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ የሚንሸራተቱ መሆናቸውን ቢፈትሽ ከማሻሸት የበለጠ ያውቃል።

ጥንካሬን በተመለከተ ነገሩ ይገለበጣል። ጂንስ እሾህና ድንጋይ የሚችለው ክሩ ጠንክሮ ስለተከረረና ተጠጋግቶ ስለተሸመነ ነው። የጋቢው ማግ የሚያሞቀው ላላ ብሎ ስለተፈተለ ነው፤ ላላ ያለ ክር ደግሞ ሲታሽ ጭረቱ ይነቀላል። የሚያሞቀው ባሕርይና የሚያሳልቀው ባሕርይ አንድ ናቸው። በሸዋ ሮቢት በኩል ማሽላ እርሻ ላይ የሚውል ሰው ለሥራ ልብሱ 250 ግራም አካባቢ የሚመዝን ጥብቅ ካኪ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ለማረፊያው ደግሞ ከ120 ግራም የማይበልጥ ሸሚዝ ይበቃዋል። ቆለኛው 400 ግራም ምን ያደርግለታል?

ስታርች የደበቀው

ሌላው ማታለያ በአቡጀዲ ላይ ያለው ነው። ፋብሪካ ድሩ በማሽን ላይ እንዳይበጠስ ስታርች ይቀባዋል። ይህ ራሱ ጥፋት አይደለም፤ ያለ እርሱ መሸመን ያስቸግራል። ጥፋቱ ስታርቹ ሳይታጠብ፣ አንዳንዴም ተጨምሮበት፣ እንደ ጥጥ ሲሸጥ ነው።

ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሜትር አቡጀዲ እንግዛ። 126 ግራም መዘነ እንበል፤ 140 ግራም በካሬ ሜትር ነው። በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥበን፣ አድርቀን እንደገና እንለካው። ቁመቱ 95፣ ስፋቱ 88 ሳንቲ ሜትር ሆኗል። ክብደቱ 112 ግራም ነው። ሒሳቡን ስንሠራ 134 ግራም በካሬ ሜትር ይመጣል።

140 የነበረው 134 ሆነ፤ ልዩነቱ 6 ግራም ብቻ ስለሆነ «ጥሩ ጨርቅ ነው» ሊያሰኝ ይችላል። ግን እውነቱ ሌላ ነው። ከገዛነው 126 ግራም ውስጥ 14 ግራሙ፣ ማለትም ከመቶ 11 እጁ፣ በውኃ ሄዷል። ከጨርቁም ስፋት ከመቶ 7 እጁ ተሰብስቧል። ጨርቁ ሲሰበሰብ ጥጡ ይበልጥ ስለሚጠጋጋ በካሬ ሜትር ያለው ቁጥር ከፍ ይልና የስታርቹን ጉድለት ይሸፍነዋል። ስለዚህ አቡጀዲ የሚመረምር ሰው የካሬ ሜትሩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የቁራጩን ጠቅላላ ክብደትና መጠን ከእጥበት በፊትና በኋላ ያስተያይ።

ስለ ሚዛኑም ሁለት ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ጥጥ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በክረምት የተመዘነው በበጋ ከተመዘነው ይከብዳል። በላቦራቶሪ ጨርቅ የሚመዘነው 20 ዲግሪ ሙቀትና 65 ከመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ ከቆየ በኋላ የሆነው ለዚህ ነው። በገበያ ላይ ያ አይቻልም፤ ግን ሁለት ጋቢ ማወዳደር የፈለገ በአንድ ቀን፣ ሁለቱም ደርቀው ይመዝናቸው። እንዲሁም በአሥር ግራም የሚሳሳት የሱቅ ሚዛን ለሙሉ ጋቢ ይበቃል፤ ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ ለመመዘን ግን የወርቅ ሚዛን ይፈለጋል።

ታዲያ በግራም ይሸጥ?

አይደለም። «በግራም ክፈሉ» ከተባለ ሸማኔው ማጉን ወፍራም አድርጎ ሳሳ አድርጎ ቢመታው ክብደቱ ይመጣል፤ ጨርቁ ግን ወንፊት ይሆናል። የምንለው ዋጋው በግራም ይቆረጥ ሳይሆን ግራሙ ይነገር ነው። ከእርሱም ጋር ሁለት ነገሮች አብረው ይነገሩ፤ ስንት እጥፍ እንደሆነና ታጥቦ የተመዘነ መሆን አለመሆኑ። በአንዲት ቁራጭ ካርቶን ላይ «1,440 ግራም፣ አራት እጥፍ፣ የታጠበ» ብሎ ጽፎ በጋቢው ጫፍ ላይ መስፋት ለሸማኔው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ለዚህ አዋጅም ሆነ ተቆጣጣሪ መጠበቅ አያሻም። ገዢው መጠየቅ ይጀምር። «አባባ፣ ይሄ ጋቢ ስንት ግራም ነው?» ብሎ አንድ ሰው ሲጠይቅ ሸማኔው ይስቅ ይሆናል። አሥር ሰው ሲጠይቀው ግን ከበርበሬ ነጋዴው ሚዛን ይዋሳል። ጥጡን ያልሰሰተው ሸማኔ ደግሞ ሳይጠየቅ ቀድሞ ይመዝናል፤ ሚዛኑ የሚመሰክረው ለእርሱ ነውና።