አዲሱን ሲስተም ከማምጣታችሁ በፊት የሚዘጋውን ንገሩን

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እኛ አገር አዲስ ሶፍትዌር ሲገባ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሥልጠና ይሰጣል። አሮጌው ሲዘጋ ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብዙም አላየሁም። ስለዚህ አዲሱም ይሠራል፣ አሮጌውም ይሠራል፣ መዝገቡም ከጎን አለ። ሠራተኛው አንዱን ስም ሦስት ቦታ ይጽፋል፤ ከዚያ ሦስቱ ቦታ ሦስት የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ችግራችን የሶፍትዌር እጥረት ብቻ ይመስለናል። እኔ ግን ከሲስተሞቹ መካከል የትኛው ይቀጥል፣ የትኛው ይቀላቀል፣ የትኛው ይዘጋ ብሎ የሚወስን ሰው መጥፋቱ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ይህን ሥራ በደንብ የምናይበት አንድ የአገራችን ታሪክ አለ፤ እሱም የጤና ሪፖርት ነው። ድሮ እያንዳንዱ የጤና ፕሮግራም የራሱ ቅጽ ነበረው። የወባው ለብቻ፣ የቲቢው ለብቻ፣ የክትባቱ ለብቻ። ጤና ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ይህን ሪፖርት ሲያሻሽል ሦስት መርሆች ይዞ ነበር፤ ወጥ ማድረግ፣ ማቀናጀት፣ ማቅለል። ልብ በሉ፣ ከኮምፒውተሩ በፊት የተስተካከለው ቅጹ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ ግን መደራረቡ በሌላ በር ገባ። ኢኤችኤምአይኤስ የሚባለውን የሪፖርት ሶፍትዌር ሁለት አጋር ድርጅቶች ለየብቻ ሠሩት። ሐዋሳ መቀመጫው በነበረችበት በያኔው ደቡብ ክልል የጄኤስአይ ሥራ ነበር፤ በሌሎች ክልሎች ደግሞ የቱሌን ዩኒቨርሲቲ። ሁለቱም የሚሠሩት ያንኑ ሥራ ነው፤ የጤና ተቋሙን የወር ድምር ወደ ላይ ማሳለፍ። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ግን ሚኒስቴሩ ዲኤችአይኤስ2ን የአገር አቀፍ ሪፖርት ማድረጊያ አድርጎ ያዘ። ይህ ሶፍትዌር መነሻው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ልማቱን የሚያስተባብረው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የፈቃድ ክፍያ የለውም። ጎረቤታችን ኬንያም ከኛ በፊት ይዛዋለች።

አሁን ዋናው ነገር ምን መሰላችሁ? እንዲህ ዓይነት ምርጫ ሶፍትዌር በመጫን ብቻ አያልቅም። የጤና ጣቢያዎቹ ስም በአንዱ ሲስተም አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ከተጻፈ የድሮው ቁጥር ከአዲሱ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተቋም አንድ መለያ ያለው የጋራ የተቋማት መዝገብ ያስፈልጋል። የዘመን አቆጣጠሩም አለ፤ የኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ጳጉሜንም አለችን። የውጭ ሶፍትዌር ይህን ካላወቀ የወሩ ሪፖርት የማን ወር እንደሆነ ይጠፋል። የትኛውንም ከመምረጥ በፊት የሚጠየቀው «ያምራል ወይ?» ሳይሆን «የኛን ተቋም፣ የኛን ወር ያውቃል ወይ?» ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሲስተሞች ስለተመሳሰሉ ብቻ ተደራረቡ ማለት አይደለም። በሆስፒታሎች ስማርትኬር የሚባል የታካሚ ካርድ ሲስተምም ገብቶ ነበር። ዲኤችአይኤስ2 በወር ሪፖርቱ የሚይዘው «በዚህ ወር ስንት ሰው ታከመ» የሚለውን ድምር ነው። የካርድ ሲስተሙ የሚይዘው «ይህ ሰው ምን ታመመ፣ ምን ታዘዘለት» የሚለውን ነው። ሁለቱም ጤና ቢሆኑም ሥራቸው ለየቅል ነው። እነዚህን ማገናኘት እንጂ አንዱን በአንዱ መተካት አያስኬድም። ሁለቱ ኢኤችኤምአይኤሶች ግን አንድ ሥራ ነበራቸው፤ እዚያ ላይ ምርጫ ግድ ነው።

ይህን ወደ ምናውቀው ወደ ትምህርት ቤት እናምጣው። እንበል 1,800 ተማሪ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የተማሪ ስም የሚጻፍበት አራት ቦታ አለ። አንደኛው የሬከርድ ቢሮው የምዝገባ ኤክሴል ነው። ሁለተኛው ውጤት የሚደምርና ደረጃ የሚያወጣ የሮስተር ፕሮግራም ነው፤ የሠራው የአይሲቲ መምህር ለቆ ሄዷል፣ የሚሠራውም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ሦስተኛው የመታወቂያ ማተሚያ ነው። አራተኛው የወላጆችን ስልክ የሚሰበስብ የጉግል ፎርም ነው። አንድ ስም መጻፍ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ 1,800 ስም 30 ሰዓት ነው። በአራት ሲባዛ 120 ሰዓት፣ በቀን ስምንት ሰዓት ብንሠራ 15 የሥራ ቀን። በየዓመቱ!

እንዴት ይወሰናል? በሙያው ጋርትነር የተባለው አማካሪ ድርጅት ያስለመደው ቀላል መንገድ አለ። ለእያንዳንዱ ሲስተም ሁለት ጥያቄ ትጠይቃላችሁ፤ ለሥራው ምን ያህል ይጠቅማል? በቴክኒክ ረገድስ ጤነኛ ነው? ጥቅሙም ጤናውም ጥሩ ከሆነ አሳድጉት። ጤነኛ ሆኖ ጥቅሙ ትንሽ ከሆነ ለጊዜው ታገሡት። ጥቅሙ ትልቅ ሆኖ ጤናው ከተበላሸ ሥራውን ወደ ሌላ አዛውሩ። ሁለቱም ከሌለው ዝጉት።

በዚህ መሠረት ሮስተሩ አይሰረዝም። ያለሱ ካርድ አይወጣም፤ ግን ኮምፒውተሩ የተቃጠለ ዕለት አብሮ ይሞታል፣ የሚጠግነውም የለም። ስለዚህ ሥራው ይዛወራል። የምዝገባው ኤክሴል የስም ሁሉ እናት ይሆናል፤ ስም የሚስተካከለው እዚያ ብቻ ነው፣ ባለቤቱም የሬከርድ ኃላፊው ነው። የመታወቂያ ማተሚያው ይቀጥላል፣ ግን ስሙን ከእናትየው ይወስዳል እንጂ ለብቻው አይጻፍበትም። የጉግል ፎርሙ ይዘጋል፤ ከሱ የሚፈለገው የስልክ ቁጥር አንድ ዓምድ ብቻ ስለሆነ ምዝገባው ላይ ይጨመራል። ከአራት መጻፊያ ወደ አንድ ወረድን ማለት ነው።

ሲቀላቀል ደግሞ ጉድ የሚፈላው ስም ላይ ነው። «ፀሐይ» በአንዱ ፋይል፣ «ጸሀይ» በሌላው ተጽፎ ታገኛላችሁ። ለኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ነው። «ኃይሉ»ና «ሀይሉ»ም እንደዚያው። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የአንድ ልጅ ስም በሁለት ፊደል ሊኖር ይችላል። የቤተሰብ ስም ስለማንጠቀም የልጅም የአባትም ስማቸው የሚገጥም ሁለት ተማሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ መገኘታቸው ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ማገናኛው ስም ሳይሆን ለተማሪው አንዴ የተሰጠና እስኪመረቅ የማይቀየር ቁጥር መሆን አለበት። ቁጥር ከሌለ ከመቀላቀሉ በፊት ቁጥር ይሰጥ። የማይገጥሙትን ስሞች ደግሞ ኮምፒውተር አይወስንም፤ ልጆቹን የሚያውቅ የክፍል ኃላፊ መምህር ዝርዝሩን ይዞ አንድ በአንድ ያያል።

አሁን ወደ መዝጋቱ። አሮጌውና አዲሱ ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን መሄዳቸው ተገቢ ነው፤ ለምሳሌ አንድ ሴሚስተር። ነገር ግን የሚያበቃበት ቀን ከመጀመሪያው ይጻፍ። ቀን ያልተቆረጠለት «ለጊዜው» እኛ አገር ዘላለም ነው። በዚያ ሴሚስተር የሁለቱ ውጤት ይነጻጸራል፤ የተማሪው ብዛት ይገጥማል? የየክፍሉ ድምር ይገጥማል? ከየዓመቱ ጥቂት ተማሪ መርጣችሁ ከተፈረመው ሮስተር ጋር ስታመሳክሩ ይገጥማል? ካልገጠመ ምክንያቱ እስኪታወቅ መዝጋት የለም።

የድሮው ውጤትስ? እዚህ ላይ የቀድሞ ተማሪዎቼ ስሙኝ፣ ነገሩ የእናንተ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ትራንስክሪፕት ፈልጋችሁ ትመጣላችሁ፤ «ያኔ የነበረው ሶፍትዌር ተዘግቷል» ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? ስለዚህ አሮጌው ከመዘጋቱ በፊት ውስጡ ያለው ሁሉ ያለዚያ ፕሮግራም ሊከፈት በሚችል ፋይል ይወጣል፣ በሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጣል፣ ማህተም ያለው የወረቀት ሮስተርም አይጣልም። ሶፍትዌሩን መዝጋትና መረጃውን መጣል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ካልተለየ «ባይዘጋ ይሻላል» የሚለው ሰው እውነቱን ነው።

መዘጋቱን በምን እናውቃለን? በደብዳቤ አይደለም። መጨረሻ መረጃ የገባበትን ቀን እዩ። ደብዳቤው ከወጣ ከወር በኋላም እየተጻፈበት ከሆነ አልተዘጋም። ያኔ ሰውየውን ከመቆጣት በፊት ለምን እንደሚጠቀምበት ጠይቁት። ብዙ ጊዜ አዲሱ የማይሰጠው አንድ ነገር ይኖራል፤ የሆነ ሪፖርት፣ የሆነ የደረጃ አወጣጥ። እሱን አዲሱ ላይ ስትጨምሩለት አሮጌውን ራሱ ይተወዋል።

«ሁሉም አንድ ላይ ከሆነ መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሁላችንም እንቆማለን» የሚል ወዳጅ አለኝ። ልክ ነው። ስለዚህ መጠባበቂያ ይኑር፤ ግን መጠባበቂያው ከእናትየው የተቀዳ፣ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ይሁን። የሚጻፍበት መጠባበቂያ ከሆነ ሁለተኛ ሲስተም ሆነ ማለት ነው፤ ተመልሰን እዚያው ገባን።

እንግዲህ አቋሜ ይህ ነው። የትኛውም መሥሪያ ቤት አዲስ ሲስተም ልገዛ ነው ሲል የግዢ ጥያቄው ላይ ሦስት መስመር ይጨመርበት፤ የሚዘጋው የትኛው ነው? በየትኛው ቀን? የድሮውን መረጃ ማን ይረከባል? ሦስቱ ካልተሞሉ አይፈረምበት።

እናንተ የምትሠሩበት ቦታ አንድ ስም ስንት ቦታ ትጽፋላችሁ? የመሥሪያ ቤቱን ስም ሳትጠሩ ቁጥሩን ብቻ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ።