«ሰርጉ መቼ ነው?» ከማለታችሁ በፊት

የቀድሞ ተማሪዎቼ ብዙዎቻችሁ ቀለበት የምታስሩበት ዕድሜ ላይ ስለደረሳችሁ፣ የዛሬዋ ጽሑፍ የእናንተው ናት።

ባለፈው ሰሞን እዚሁ አዴት ያስተማርኳት ልጅ ቀለበት ያሰረችበትን ፎቶ ለጠፈች። ከሥሩ የተጻፈውን ሁሉ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። «እንኳን ደስ አለሽ» ያለው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ጥያቄ አስከትሎበታል። «ለጥር ነው ወይስ ከፋሲካ በኋላ?» «አዳራሹ ባሕር ዳር ነው?» «ቀለበቱ ስንት ፈጀ?» አንዱማ ጭራሽ ስንት ልጅ እንዳሰቡ ጠየቃት። በክፋት የጠየቀ የለም፤ ደስታ ነው ያናገራቸው። ግን ልጅቷ ለአንዱም ጥያቄ መልስ አልነበራትም።

ሊኖራትም አይችልም። በእኛ አገር መተጫጨት የሁለቱ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ የሁለት ቤተሰብ ውል አድርጎ ነበር ያየው። (የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ያንን ክፍል ትቶታል፤ ሽማግሌዎቻችን ግን አልተዉትም።) ሽማግሌ ተልኮ ሲሄድ የልጅቷ አባት ልቡ ቢፈቅድ እንኳ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። «እስኪ ዘመድ ላማክር» ብሎ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። እሺ ከተባለ በኋላም ቀን መቁረጡ ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር ነው። እንግዲህ አባትየው በቀጠሮ የሚያጓትተውን ነገር እኛ በስልክ ከልጅቷ በአንድ ደቂቃ ልናወጣ ነው የምንፈልገው።

ቀኑ ደግሞ እንደ ፈለጉ የሚቆረጥ አይደለም። በጾም ሰርግ የለም። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ፋሲካ ቀደም ባለበት ዓመት ደግሞ ይበልጥ ታጥራለች። ያቺ ካለፈች ፋሲካን መጠበቅ ነው። የጥሩ ሰርግ ደግሞ በአውድማው ይወሰናል። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ሳይገባ ለእንጀራው፣ ለጠላውና ለበሬው ስንት እንደሚተርፍ ቤቱ አያውቅም። ልጅቷ ጥያቄ በዝቶባት «ለጥር ነው» ብላ ብትመልስና እህሉ ባይሞላ፣ ሰርጉ ወደ ሚያዝያ ይገፋል። ያኔ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ «ምነው ቀረ? ተጣሉ እንዴ?» ሰርግ ስለ ተገፋ ብቻ ስንት ሐሜት ተወርቷል! መነሻው ግን ያቺው «መቼ ነው?» ናት።

የወጪው ጥያቄ ይብሳል። «ስንት ፈጀ?» የተባለ ሰው የሚመልሰው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ከእውነቱ ከፍ ያደርጋል፣ ወይ ያፍራል። ከፍ ካደረገ ያንኑ የሚመጥን ድግስ ይጠበቅበታል፤ ብድሩ ከዚያ ይጀምራል። የልጅን ጥያቄ አላብራራም። ሐኪም ቤት የሚመላለስ ሰው ለማንም ሳይናገር ቀለበት ሊያስር እንደሚችል ማሰብ ይበቃል።

ታዲያ ምን እንበል? አማርኛችን እኮ ለዚህ የተሠራ ነው። «እንኳን ደስ አላችሁ፤ ፍጻሜውን ያሳምርላችሁ» በሉ። ይኸ ምርቃት ስለ ሰርጉ ይናገራል፤ ግን ቀን አይጠይቅም። «የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ» ስለ ትዳሩ ይናገራል፤ ምንም አያስመልስም፤ «አሜን» ከተባለ በቂ ነው። ጥያቄ ግን ጠያቂውን አስቀምጦ ተጠያቂውን ያስሮጣል። ብልሃቷ ይህችው ናት፦ አረፍተ ነገራችሁ «አሜን» የሚባልበት ከሆነ ጻፉት፤ መልስ የሚጠይቅ ከሆነ ጣታችሁን ያዙ።

«እኔ ግን የቅርብ ሰው ነኝ፣ ሥራ አለብኝ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ጌሾ የምትወቅጠዋ አክስት፣ ሚዜው፣ ዳስ የሚጥለው ጎረቤት ቀኑን ማወቅ አለባቸው። እነሱም ቢሆኑ ጥያቄውን ወደ እርዳታ ይለውጡት፦ «ጠላው በእኔ ነው፤ ቀኑ ሲቆረጥ ንገሩኝ።» በውጭ አገር ያላችሁ ልጆቼም ትኬት አለባችሁ፤ ፈቃድ መጠየቅ አለባችሁ፤ ይገባኛል። በአደባባይ ሳይሆን በግል ጻፉላቸው፦ «ስትወስኑ ቀድማችሁ አሳውቁኝ፣ እንድመጣ።» ቀኑ ሲቆረጥ እናንተን የሚያስቀድሙበት ምክንያት ይኖራቸዋል።

እኔ ለዚያች ተማሪዬ የጻፍኩላት እንዲህ ነበር፦ «ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ፍጻሜውን ያሳምርላችሁ። ወንበር ማመላለስ ላይ አለሁ።» መልሷ «አሜን ጋሼ፣ ወንበሩ ይቅር፣ እርስዎ ብቻ ይምጡ» ነው። መቼ እንደምመጣ እስካሁን አላውቅም።