መቼ ገባ ሳይሆን መቼ ያበቃል

ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የታዘዘላችሁ መድኃኒት «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» የተባላችሁ ብዙዎች ናችሁ። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ደግሞ «ከውጭ» ማለት ለብዙ ሰው ጂንካ ድረስ መሄድ ማለት ነው። የሚያናድደው ግን ሌላ ነው። እዚህ የጠፋው መድኃኒት ሁለት ወረዳ አልፎ ባለ ጤና ጣቢያ፣ ስቶር ጥግ ላይ፣ ቀኑ አልፎበት ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። እጥረትና ብልሽት ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ብዙ ጊዜ ከአንድ ምክንያት ነው የሚመጡት። መድኃኒቱ የሚያበቃበት ቀን በጊዜ አልታየም፣ ታይቶም ከሆነ አልተሰላም።

የፋርማሲ ሰዎች ለዚህ አንድ ደንብ አላቸው፤ በአጭሩ «ፌፎ» ይሉታል። ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ ይውጣ ማለት ነው። ሲሰማ ቀላል ነው፤ ማንም ሠራተኛ «እናውቀዋለን» ይላል። እኛ የምንለው ግን ይህ ነው፦ ፌፎ መደርደሪያ ላይ ካርቶን ማስተካከል ብቻ ከሆነ ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ ስሌት ነው፤ ስሌቱም እንደ ደቡብ ኦሞ ባለ ሰፊ አካባቢ ከመንገዱና ከበሽተኛው ጋር አብሮ መሠራት አለበት።

ከቀኑ ንባብ እንጀምር፤ ስህተቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። ካርቶኑ ላይ 09/2026 ተብሎ ቢታተም ዘጠነኛው ወር የኛ ግንቦት አይደለም፣ የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ነው። ቀን ሳይጻፍ ወርና ዓመት ብቻ ካለ፣ መድኃኒቱ የሚያገለግለው እስከዚያ ወር የመጨረሻ ቀን ድረስ ነው። ስለዚህ ይህኛው እስከ ሴፕቴምበር 30 ይሄዳል፤ በኛ አቆጣጠር መስከረም 20 ቀን 2019 ዓ.ም. ማለት ነው። አንዱ ሠራተኛ በልማድ 8 ዓመት ቀንሶ «2018» ብሎ ቢመዘግበው፣ ደህና መድኃኒት ገና ዓመት ሲቀረው እንዳበቃ ተቆጥሮ ይወገዳል። ሌላው ደግሞ 03/2026 የሚለውን 7 ቀንሶ «2019» ቢለው፣ መጋቢት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃው መድኃኒት ዓመት ሙሉ ሲታደል ሊቆይ ነው። መፍትሔው አለመቀየር ነው። በካርቶኑ ላይ እንደታተመ፣ በፈረንጆቹ ወርና ዓመት፣ ቢን ካርዱ ላይ ይጻፍ። ካርቶኑ ፊት ላይም ከሩቅ እንዲነበብ በማርከር በትልቁ ይደገም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንሂድ። አንድ ጤና ጣቢያ ለምሳሌ እንውሰድ። የሕፃናት የሳንባ ምች መድኃኒት የሆነውን በውሃ የሚሟሟ አሞክሲሲሊን በወር በአማካይ 40 እሽግ ያወጣል እንበል። ጊዜው የጃንዋሪ 2026 መጀመሪያ ነው። ስቶሩ ውስጥ ሁለት ባች አለ። የመጀመሪያው ቀደም ብሎ የገባ 200 እሽግ ሲሆን 12/2026 ላይ ያበቃል። ሁለተኛው ባለፈው ወር የመጣ 160 እሽግ ነው፤ ይህኛው ግን 06/2026 ላይ ያበቃል። በኋላ የመጣው ቀድሞ ማብቃቱ አይግረማችሁ። ከሌላ ቦታ የተዛወረ፣ በእርዳታ የመጣ ወይም ዋናው መጋዘን ውስጥ የቆየ ባች ሁሌም እንደዚህ ያጋጥማል።

ሠራተኛው በሱቅ ልማድ «ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ» ብሎ ቢሄድ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው 200 እሽግ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ አምስት ወር ይፈጃል። ለሁለተኛው ባች የሚቀረው ጁን ብቻ ነው። በዚያ ወር 40 ይወጣል፣ 120 እሽግ ቀኑ ያልፍበታል። በፌፎ ቢሄድስ? 160ው መጀመሪያ ይወጣና በአፕሪል መጨረሻ ያልቃል። ከዚያ 200ው ከሜይ ጀምሮ በሴፕቴምበር ያልቃል፣ ከማብቂያው ሦስት ወር ቀድሞ። መድኃኒቱም ፍጆታውም ያው ነው፤ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ሲሆን 120 እሽግ ተርፏል።

እስከዚህ ድረስ መደርደሪያው በቂ ነው። አሁን አንድ ነገር እንቀይር፦ ሁለተኛው ባች 160 ሳይሆን 300 እሽግ ይሁን። ሠራተኛው ፌፎን አንድም ሳያጓድል ቢሠራ እስከ ጁን መጨረሻ በስድስት ወር የሚያወጣው 240 ነው። 60 እሽግ ይቀራል፤ ይህን የትኛውም አደራደር አያድነውም። ፌፎ ማን ይቅደም የሚለውን ይመልሳል እንጂ የበዛውን አይቀንስም። ለዚህ ነው ቆጠራ በተደረገ ቁጥር ለእያንዳንዱ ባች አንድ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት፦ ይህና ከሱ በፊት መውጣት ያለበት ሲደመር፣ በወር አማካይ ፍጆታ ሲካፈል፣ ስንት ወር ይሆናል? መልሱ ለማብቂያው ከቀረው ወር ከበለጠ ትርፉ ዛሬውኑ ታውቋል። ጁን እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም።

ስሌቱ ሌላም ነገር ያሳያል። በአገራችን የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የሚይዙት ከፍተኛ ክምችት የ4 ወር ነው፣ ጥያቄም የሚልኩት በየሁለት ወሩ ነው። በምሳሌያችን 500 እሽግ ለ40 ሲካፈል ከ12 ወር በላይ ይሆናል። ስለዚህ ችግሩ ስቶር ውስጥ አልተወለደም፤ ሲታዘዝ ወይም ሳይጠየቅ ሲላክ ነው የተወለደው። በሚቀጥለው የመጠየቂያ ቅጽ ላይ ለዚህ መድኃኒት መጻፍ ያለበት ቁጥር ዜሮ ነው። አማካዩንም በጭፍን ማመን አይገባም። የወባ መድኃኒት ከሆነ ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት የወጣው ብዛት በበጋ አይደገምም፤ በወረርሽኝ ወር አማካይ ያዘዘ ሰው በበጋው ያስቆጥራል።

እነዚያ 60 እሽጎችስ የት ይሂዱ? የደቡብ ኦሞ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ለጂንካ የሚመጣው መድኃኒት ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የአርባ ምንጭ ቅርንጫፍ ተነስቶ በኮንሶ በኩል ይጓዛል። ከዚያ ወደ ዲመካ፣ ቱርሚና ኦሞራቴ፣ ወይም ወደ ሳላማጎና ኛንጋቶም ገና ሌላ መንገድ አለ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ መንገዱ በቀናት አይለካም። ፌፎን እንደ መፈክር የያዘ ሰው «ቀድሞ የሚያበቃውን አስቀድሜ ልላክ» ብሎ 60ውን እሽግ በወር 5 ለሚያወጣ ሩቅ ጤና ኬላ ይልከዋል። ያ ኬላ 60ውን ለመጨረስ 12 ወር ያስፈልገዋል፤ መድኃኒቱ የቀረው ግን 6 ነው። ብልሽቱ አልቀረም፣ አድራሻ ብቻ ቀየረ። በመዝገብ ላይ ግን የላኪው ስቶር ንጹሕ ሆኖ ይታያል።

ትክክለኛው አካሄድ ሌላ ነው። ቀኑ የቀረበው ቶሎ ወደሚያወጣ ቦታ ይሂድ፣ በወር 100 እሽግ ወደሚያወጣ ሆስፒታል እንበል፤ ያም የራሱን ረጅም ቀን ያለውን ቆይ ብሎ ይህን ያስቀድም። ረጅም ቀን ያለው ደግሞ ወደ ሩቁና ቀስ ብሎ ወደሚያወጣው ይሂድ። ይህ ፌፎን ማፍረስ አይደለም፣ ደንቡን ከአንድ ክፍል አውጥቶ በጠቅላላው አካባቢ መተግበር ነው። ዝውውሩ በሞዴል 22 ወጪ፣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ደብዳቤና መኪናም ይፈልጋል። ስለዚህ ስድስት ወር ሲቀረው የተጀመረ ዝውውር ይደርሳል፣ ስድስት ሳምንት ሲቀረው የተጀመረ ግን ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የመጨረሻው ስቶር ደግሞ የበሽተኛው ቤት ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ለሦስት ወር ይዞ ወደ ሩቅ ቀበሌ የሚመለስ ሰው፣ ሜይ አጋማሽ ላይ 06/2026 የሚያበቃ እሽግ ቢሰጠው የስድስት ሳምንት ያህሉን በጊዜው ይውጣል፤ ቀሪውን ቀኑ ካለፈ በኋላ ሊውጠው ነው። ከብቶቹን ይዞ ወደ ግጦሽ የሚሄድ አርብቶ አደር ነገ ተመልሶ አይቀይረውም። እሱ ረጅም ቀን ያለው ይሰጠው፤ አጭሩ ከማብቂያው በፊት ለሚጨርሰው ይሁን። በሌላ አነጋገር፣ ለሚያድለው ሠራተኛ ትክክለኛው ማብቂያ ካርቶኑ ላይ የታተመው ሳይሆን የመጨረሻው ፍሬ የሚዋጥበት ቀን ከዚያ በፊት መሆኑ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ስቶር በየሁለት ወሩ ቆጠራ ስድስት ወርና ከዚያ በታች የቀራቸውን ባቾች ዝርዝር፣ ከነትርፍ ስሌቱ፣ ለወረዳው ያውጣ፤ ወረዳዎችም እርስ በርስ ይለዋወጡት። ብዙ ተቋማት የሚጠቀሙበት ዳጉ የተባለው ሶፍትዌር ስሙን ያገኘው ከአፋሮች የወሬ መለዋወጫ ባህል ነው፤ ቀኑ በትክክል ከገባበት ዝርዝሩን ያወጣል። ዝርዝሩ ኮምፒውተር ውስጥ ከቀረ ግን ዳጉ አይባልም። ሁለተኛ፣ ላኪው ከመጫኑ በፊት ማብቂያውን ያሳውቅ፣ ተቀባዩም በቀረው ጊዜ የማይጨርሰውን መጠን «ይቀነስልኝ» የማለት መብቱ ይከበር። ሦስተኛ፣ ቀኑ ያለፈበትን መዝግቦ ያሳወቀ ሠራተኛ እንደ ጥፋተኛ አይታይ። የሚፈራ ሰው ካርቶኑን ከኋላ ይደብቀዋል፤ የተደበቀ ካርቶን ደግሞ አይቆጠርም፣ ካልተቆጠረ ማን እንዳበዛው አይታወቅም።

እናንተም መድኃኒት ስትቀበሉ እሽጉን ገልብጡት። የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ጎን ለጎን ስለሚታተሙ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለዩ። ከዚያ የምትወስዱበትን ቀን ቁጠሩ። የመጨረሻው ፍሬ ከማብቂያው ካለፈ መስኮቱ ላይ ሳላችሁ «ይህ አይደርስልኝም» በሉ።