የሚከፍለው ማን ነው?

በዚህ ሳምንት የቋንቋ ዓምዳችን ሰው የተናገረውን ቃል በወረቀት ላይ እንዴት እንደምናሰፍር እናያለን።

የሰው ቃል በሁለት መንገድ ይጻፋል። አንደኛው ሰውየው የተናገረውን ቃል ሳይለውጡ፣ እንዳለ መጻፍ ነው። ይህ ቀጥተኛ ንግግር ይባላል። ሁለተኛው የሰውየውን ሐሳብ ይዞ በራስ አነጋገር መጻፍ ነው። ይህ ደግሞ ቀጥተኛ ያልሆነ ንግግር ይባላል።

በአፍ ስንጨዋወት የሚቀናን የመጀመሪያው ነው። ጎረቤታችን ምን እንዳለ ስንጠየቅ፣ «እመጣለሁ አለ» እንላለን። «እመጣለሁ» የሚለው ቃል «እኔ» ማለትን ይዟል። ሆኖም የሚመጣው ተናጋሪው ሳይሆን ጎረቤቱ መሆኑን ሰሚው አይስትም። «አለ» የሚለው ቃል ይነግረዋላ! አማርኛችን ይህን ይፈቅዳል። ችግሩ የሚመጣው የሰማነውን ለውጠን ስንጽፍ ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጥቅምት 8 ቀን፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ገበሬ በሬ ሸጠ እንበል። ገዢው ከዋጋው 2,000 ብር ጎደለበት። አንድ ጎረቤት አጠገባቸው ቆሞ ይሰማ ነበር። ወር ሳይሞላ ጠብ ተነሣና ሽማግሌዎች ኅዳር 7 ቀን፣ እሁድ ተቀመጡ። ጎረቤትየው ማንበብና መጻፍ ስለሚያውቅ፣ «የሰማኸውን ጻፍልን» ተባለ። ምን ብሎ ይጽፋል?

በቀጥተኛ ንግግር ቢጽፍ እንዲህ ይሆናል፦

ገዢው ሻጩን፣ «ቀሪውን 2,000 ብር የዛሬ ሳምንት እከፍልሃለሁ» አለው።

እነዚህን « » ምልክቶች ልብ በሉ። ስማቸው ትእምርተ ጥቅስ ነው። በመካከላቸው ያለው ሁሉ የገዢው ቃል ነው። ከውጭ ያለው የምስክሩ ነው።

ቀጥተኛ ባልሆነ ንግግር ቢጽፍ ደግሞ እንዲህ ይሆናል፦

ገዢው ቀሪውን 2,000 ብር ጥቅምት 15 ቀን እንደሚከፍለው ለሻጩ ነገረው።

ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ከሌላው በላይ አድርጋችሁ አስተያዩ። ምን ተለወጠ?

መጀመሪያ የተለወጠው ሰው ነው። «እከፍልሃለሁ» ሲል «እ» እኔ ማለት ነው፤ «ሃ» አንተ ማለት ነው። አሁን የሚናገረው ምስክሩ ስለሆነ፣ «እኔ» የነበረው ገዢ «እሱ» ሆነ። «አንተ» የነበረው ሻጭም «እሱ» ሆነ። ስለዚህ «እንደሚከፍለው» ተባለ። «ሚ» የሚከፍለውን ሰው ያሳያል፤ መጨረሻ ላይ ያለው «ው» የሚከፈለውን ሰው ያሳያል።

እዚህ ላይ አንዲት ፊደል ብዙ ታበላሻለች። ምስክሩ «እንደሚከፍለው» በማለት ፈንታ «እንደምከፍለው» ብሎ ቢጽፍስ? ልዩነቱ «ሚ» እና «ም» ብቻ ነው። ነገር ግን «እንደምከፍለው» ማለት «እኔ እንደምከፍለው» ማለት ነው። ወረቀቱን የጻፈው ምስክሩ ነውና፣ ባለዕዳው እሱ ራሱ ሆኖ ቁጭ አለ! ሊመሰክር መጥቶ 2,000 ብር ተሸከመ ማለት ነው።

ሁለተኛ የተለወጠው የቀን ስም ነው። ገዢው «የዛሬ ሳምንት» ያለው ጥቅምት 8 ቀን ነው። ስለዚህ የክፍያው ቀን ጥቅምት 15 ነው። ምስክሩ ግን የሚጽፈው ኅዳር 7 ቀን ነው። «ገዢው የዛሬ ሳምንት እንደሚከፍለው ነገረው» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ከኅዳር 7 ጀምሮ ይቆጥርና ኅዳር 14 ላይ ይደርሳል። ለባለዕዳው አንድ ወር ያህል ተጨመረለት። «ዛሬ»፣ «ነገ»፣ «ትናንት»፣ «የዛሬ ሳምንት» የሚሉት ቃላት ሁሉ ከተናጋሪው ቀን ጋር የታሰሩ ናቸው። ተናጋሪው ሲለወጥ «በዚያን ቀን»፣ «በማግሥቱ»፣ «በፊተኛው ቀን»፣ «በሳምንቱ» ይባላሉ። ከሁሉም የሚሻለው ቀኑን በቁጥር መጻፍ ነው።

አሁን ደግሞ ያልተለወጠውን እንይ። ያልተለወጠው የግሡ ጊዜ ነው። ገዢው ሲናገር ክፍያው ገና ወደ ፊት ነበር። ስለዚህ «እንደሚከፍለው» ይባላል። ምስክሩ የሚጽፈው ቀኑ ካለፈ በኋላ ቢሆንም፣ «ነገረው» የሚለው ግሥም ያለፈ ቢሆን፣ «እንደሚ» አይነካም። አንዳንድ ጸሐፊ ግን፣ «ነገሩ ካለፈ ቆይቷል» ብሎ ያስብና «እንደከፈለው ነገረው» ብሎ ይጽፋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። «እንደከፈለው» ማለት ገዢው ያኔ ሲናገር፣ «ከፍዬሃለሁ» ብሏል ማለት ነው። ተስፋ የሰጠው ሰው ከፍያለሁ ያለ ሆነ፤ የሻጩም ገንዘብ በወረቀት ላይ ጠፋ።

ስለዚህ ራሳችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ሰውየው ሲናገር ነገሩ ተደርጎ ነበር ወይስ ገና ነበር? ተደርጎ ከነበረ «እንደከፈለው»፤ ገና ከነበረ «እንደሚከፍለው»። ያልሆነውን ስንጽፍም እንዲሁ ነው። «አልከፈልኩህም» ካለ «እንዳልከፈለው»፤ «አልከፍልህም» ካለ «እንደማይከፍለው» ይሆናል።

ይሁንና ሁሉንም በትክክል ለውጠን እንኳ የሚቸግር ቦታ አለ። ገዢው ሻጩን፣ «በሬው የእኔ ነው» አለው እንበል። ስንለውጠው፣ «በሬው የእሱ እንደሆነ ነገረው» ይሆናል። የማን? የገዢው ነው ወይስ የሻጩ? «እኔ» ም «አንተ» ም ወደ «እሱ» ስለተለወጡ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል ውስጥ ገቡ። ይህን ለማጥራት፣ «ገዢው፣ በሬው የሻጩ ሳይሆን የራሱ እንደሆነ ነገረው» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ወይም ወደ ቀጥተኛው ንግግር መመለስ ነው።

እንግዲህ የትኛውን እንምረጥ? ለወዳጅ ደብዳቤ ስንጽፍ፣ «እናቴ እንደተሻላት ነገረችኝ» ብንል ይበቃል። ነገር ግን ገንዘብ፣ መሬት ወይም ከብት ያለበት ምስክርነት ሲሆን፣ ቃሉን ካስታወሳችሁት በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ ጻፉት፤ የተነገረበትንም ቀን ከጎኑ አኑሩ። ቃሉን በትክክል ካላስታወሳችሁት ግን በትእምርተ ጥቅስ አትክበቡት። ሐሳቡን ብቻ በ«እንደ» ጻፉ። የራሳችሁን ቃል በሰው አፍ ውስጥ ማስገባት አይገባምና።

መልመጃ

የሚከተሉትን ወደ ቀጥተኛ ያልሆነ ንግግር ለውጡ።

1. ልጁ አባቱን፣ «ጥጃዋን ነገ አመጣልሃለሁ» አለው።
2. ሴትየዋ ጎረቤቷን፣ «ማሰሮሽን መለስኩልሽ» አለቻት።
3. እረኛው፣ «ፍየሏን አላየሁም» አለ።

መልስ

1. ልጁ ጥጃዋን በማግሥቱ እንደሚያመጣለት ለአባቱ ነገረው።
2. ሴትየዋ ማሰሮዋን እንደመለሰችላት ለጎረቤቷ ነገረቻት።
3. እረኛው ፍየሏን እንዳላየ ተናገረ።

የሁለተኛውን መልስ ደግማችሁ አንብቡት። ማሰሮው የማን እንደሆነ ይለያል? ካልለየ፣ «የጎረቤቷን ማሰሮ እንደመለሰችላት ነገረቻት» ብላችሁ አቃኑት።